ትኋንን ያለ ጭስ፣ ያለ ጋዝና ያለ ክኒን ከቤት ማስወጣት

ደብረ ማርቆስ ላይ የነሐሴ ዝናብ ሲጠና ሰው በርና መስኮቱን ዘግቶ ይሰነብታል። ፍራሽ የሚሰጣበት ፀሐይ አይገኝም፤ ትኋኑም ይህን ያወቀ ይመስል የሚያማርረው በዚያው ሰሞን ነው። በአካባቢ ጤና ባለሙያነት በሠራሁባቸው ዓመታት ለትኋን ተብሎ ቤት ውስጥ የሚደረገውን ሁሉ አይቻለሁ። በርበሬ በከሰል ላይ ይጨሳል፤ አልጋው በነጭ ጋዝ ይታጠባል፤ በረኪና ከሌላ ነገር ጋር ይደባለቃል፤ ባስ ሲልም ለነቀዝ የተገዛ ክኒን ፍራሽ ሥር ይገባል። ከእነዚህ መካከል ትኋንን ከሥሩ የነቀለ አላየሁም። ሰው የጎዳ ግን አይቻለሁ። የአንዱን ቤት ታሪክ አስቀድሜ ልናገርና በዚያው ቤት ትኋኑን ያጠፋንበትን አሠራር በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

የዚያ ቤት ሌሊት

ቤቱ የኪራይ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ በጭቃው ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ፣ ኮርኒሱ የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ያድራሉ፤ የመጨረሻዋ ልጅ ገና ትድሃለች። አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እናትየዋ ልጆቿን ጎረቤት አስቀምጣ፣ የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ጠቅጥቃ፣ ፍም የሞላ ማንደጃ ቤቱ መካከል አኖረች። ሁለት እፍኝ ዛላ በርበሬ ጣለችበትና በሩን ቆልፋ ወጣች። አሥር ሰዓት ላይ ከፍታ ግማሽ ሰዓት ያህል አናፈሰችው። ከዚያ ዝናብ መጣና በሩ ተዘጋ። ማንደጃውን ወደ ጥግ አስጠጋችው፤ ያጠበችው አንሶላ አልደረቀላትም ነበርና ማታ ላይ ጥቂት ከሰል ጨምራ አመድ አለበሰችው። በዚያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ጭስ የሚባል አልነበረም። አምስቱም ተኙ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ አስመለሰው። እናትየዋ ልትደርስለት ስትነሣ ጉልበቷ ከዳት፤ ራሷን ለሁለት የሚሰነጥቅ ሕመም ያዛት። ባሏን ብትቀሰቅሰው እንቅልፉ አልለቀው አለ። እሷ የጠረጠረችው እራት ላይ የበሉትን ሽሮ ነበር። ልጁ እንደገና ሲያስመልስ ወደ ደጅ ልታወጣው በዳዴ እየሄደች በሩን ከፈተች፤ ያዳናቸውም ይኸው ነው። ቀዝቃዛው አየር ሲገባ ጮኻ ጎረቤት ጠራች፤ ሁሉም ተጎትተው ወጡ፤ ሆስፒታል ገብተው ኦክስጅን ተሰጣቸው፤ ተረፉ።

ትኋኑም ተርፏል። ከሆስፒታል በተመለሱበት ሌሊት አልጋው ላይ ነበረ። እስከዚያ ቀን ትኋን አይታ የማታውቀው ጎረቤት ደግሞ በጋራው ግድግዳ በኩል እንግዳ መጣባት።

ቤታቸው ስሄድ እናትየዋ ደጋግማ የነገረችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጭሱ ካለቀ በኋላ እኮ ነው የተኛነው።»

ጭሱ ካለቀ በኋላ የቀረው

ሰው የሚፈራው የሚያየውንና የሚሸተውን ነው። ጭስ ዓይን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ጭሱ ሲጠፋ አደጋው ያለፈ ይመስለናል። ፍም ሆኖ የጋመ ከሰል ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ መልክ የለውም፤ ሽታ የለውም፤ አያስነጥስም፤ አያስለቅስም። ከሰሉ ጥርት ብሎ ሲቀላ፣ «አሁን ጭሱ ወጥቶለታል፤ ይግባ» ሲባል፣ ጋዙ አልቆመም። አመድ ማልበስም አያጠፋውም፤ ፍሙ በዝግታ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያወጣው ያደርጋል እንጂ።

ደማችን ከሳንባ ኦክስጅን ተቀብሎ ወደ ሰውነት የሚያደርሰው ቀይ ቀለም በሚሰጠው ሄሞግሎቢን አማካይነት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ በዚሁ ሄሞግሎቢን ላይ የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ደሙ ግን የሚሸከመው ኦክስጅን አይደለም። አንጎልና ልብ ቀድመው ይራባሉ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ ከዚያ የማይለቅ እንቅልፍ ይመጣል። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ወደ ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ለእኛ ሀገር ሰው የሚቀማ ትርፍ ኦክስጅን የለውም።

ትኋን ግን ሳንባ የላትም። በጎኗ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር ይገባና በቀጫጭን ቱቦዎች በቀጥታ ወደ ሰውነቷ ይደርሳል፤ ኦክስጅን ተሸክሞ የሚዞር ሄሞግሎቢን አያስፈልጋትም። ስትፈነዳ የሚወጣው ቀይ ደም የራሷ አይደለም፤ የእኛው ነው። ስለዚህ ሰውን በአንድ ሌሊት የሚገድለው የከሰል ጋዝ እሷን አይነካትም። የበርበሬው ጭስም ቢሆን የሚያስቆጣት እንጂ የሚገድላት አይደለም። ሲመጣባት ወደ ግድግዳው ስንጥቅ ጠልቃ ትገባለች፣ ወይም በኮርኒሱ በኩል ወደ ጎረቤት ትሻገራለች፤ እንቁላሏ ግን እዚያው ተጣብቆ ይቆያል። በርበሬው የሚገድለው ነገር ካለ አስም ያለበትን ልጅ ነው፤ የሳንባው ቧንቧ በድንገት ይኮማተርና አየር ማስወጣት ያቅተዋል።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰ እንደሆነ ምልክቱን መለየት አይከብድም። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ካቅለሸለሻቸው፣ ትኩሳት ከሌላቸው፣ ወደ ደጅ ሲወጡም ቀለል ካላቸው፣ ምግቡን ከመጠርጠራችሁ በፊት ከሰሉን ጠርጥሩ። በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ሰዎቹን ወደ ደጅ አውጡ፤ ከዚያ ማንደጃውን አውጡ። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሽተት፣ አረቄ መቅመስ ከደም ላይ ጋዙን አያወርድም። የሚያወርደው ኦክስጅን ነው። በተራ አየር ግማሹ ለመውጣት አራትና አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በጭንብል በሚሰጥ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ዝቅ ይላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ጤና ተቋም ስትደርሱም «ከሰል ነበረ» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ስለማይለይ ሰውየው ደህና ነው ብሎ ሊያሳስት ይችላል። ነፍሰ ጡር ካለች ቀለል ቢላትም ትሂድ፤ ጋዙ ከፅንሱ ደም የሚወጣው ከእሷ ዘግይቶ ነው።

አባትየው በኪሱ ይዞት የመጣው

ይህን ሁሉ ከተነጋገርን በኋላ አባትየው «እንግዲያው ጭስ የሌለውን አምጥቻለሁ» ብሎ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የነቀዝ ክኒን ነበር፤ አምስት ፍሬ። በምዕራብ ጎጃም በቆሎ አምራች በሆነው ሀገር ይህ ክኒን የማይታወቅበት ቤት ጥቂት ነው። ደንግጬ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ወደ ደጅ እንውጣ» አልኩት።

ክኒኑ አልሙኒየም ፎስፋይድ የሚባል ነው። ከቆርቆሮው ሲወጣ ከአየር እርጥበት ጋር ተገናኝቶ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ማውጣት ይጀምራል። የተለመደው ክኒን 3 ግራም ይመዝናል፤ ከአንዱ 1 ግራም ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ትኋንንም ሰውንም ይገድላል፤ ችግሩም ይኸው ነው። በጭቃ ግድግዳና በማዳበሪያ ኮርኒስ የሚታገድ አይደለም፤ በአንዱ ክፍል የተቀመጠ ክኒን በሌላው ክፍል የተኛውን ያገኘዋል። አንዳንዱ ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይሸተዋል፤ አንዳንዱ ምንም አይሸተውም። በእርጥብ ጨርቅ አፍና አፍንጫን መሸፈን አያድንም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ማርከሻ መድኃኒት የሌለው መሆኑ ነው፤ ሐኪም ማድረግ የሚችለው ልብና ሳንባውን መደገፍ ብቻ ነው።

ክኒን ከቤት ከተገኘ ውኃ አታፍሱበት፤ ጋዙ በአንዴ ይወጣል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥም አትጣሉት። እኛ በደረቅ ጣሳ አድርገን በእግራችን ሜዳ ለሜዳ ይዘነው ሄደን ለወረዳው የግብርና ባለሙያ አስረከብነው። መኪና ውስጥ ይዞ መግባትም አያስፈልግም። እህላቸው በጎታ ሆኖ መኝታ ቤት ውስጥ ላለባቸው ሰዎች የምጨምረው አንድ ቃል አለ፤ ክኒን የገባበት እህል ባለበት ቤት ማንም አይደር። ሦስት ድርብ ሆኖ አየር የማያስገባው ከረጢት አፉ በደንብ ከታሰረ ነቀዙን ያለ ክኒን ያፍነዋል።

በረኪናና ነጭ ጋዝ

ስለ በረኪና አጠር አድርጌ ልናገር፤ ነገሩ ቀላል ነው፤ ብቻውን በውኃ እንጂ ከምንም ጋር አይደባለቅም። ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ላይ ይተኛል፤ የምትድኸውን ልጅ ከእናቷ ቀድሞ ያገኛል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ ሕፃን የሸናበትን ፍራሽ በበረኪና ማጠብን ነው፤ ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪናው ጋር ሌላ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጥራል። ጉሮሮ ካነቀና ካሳለ ወጥቶ ንጹሕ አየር መሳብ ነው። ሳሉ ቆሞ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሳንባ ውኃ እያቋጠረ ሊሆን ይችላልና ወደ ሐኪም መሮጥ ያስፈልጋል።

ነጭ ጋዝ በትክክል የነካትን ትኋን ሊገድል ይችላል። የቀሩት ግን ስንጥቅ ውስጥ ናቸው፤ ጋዝ የጠጣው ፍራሽ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻማ የሚጠብቅ ማገዶ ነው። ቤንዚን ከዚህም ይብሳል፤ እንፋሎቱ በወለል ላይ ተስቦ ሄዶ ማድቤት ያለውን እሳት ይዞ ይመለሳል። ለአልጋ ተብሎ በውኃ ኮዳ የተቀዳ ጋዝ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣል። የጠጣ ልጅ ካለ አታስመልሱት፤ ሲያስመልስ ጋዙ ወደ ሳንባው ይገባል። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አሁን ወደ ሥራው

ትኋንን የሚገድላት ለሰው ሳንባ ምንም የማያደርገው ሙቀት ነው። ከ50 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት በትክክል ከደረሳት እሷም እንቁላሏም ይሞታሉ። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከበቂ በላይ ነው። የሚያስቸግረው ሙቀቱን ወዳለችበት ማድረስ ነው፤ ሥራውም ይኸው ነው።

አንደኛ፤ ትኋን መሆኑን አረጋግጡ። ሌሊት ሁሉም ከተኛ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ባትሪ ይዛችሁ የፍራሹን ስፌት ግለጡ። ትልቋ ትኋን የምስር ፍሬ ታህላለች፤ ጠፍጣፋና ቡናማ ናት፤ አትዘልም። የሚዘል ከሆነ ቁንጫ ነው፤ ሥራውም ሌላ ነው። በስፌቱ ላይ ቀለም የተንጠባጠበ የሚመስል ጥቁር ነጥብ፣ ስስ ቅርፊትና አንድ ሚሊ ሜትር የምትሆን ነጭ እንቁላል ታገኛላችሁ። የት የት እንዳሉ ኖራ ወይም ጠመኔ ይዛችሁ ምልክት አድርጉ። በዚያ ቤት ምልክት ያደረግነው በአልጋው ራስጌ፣ ከጋዜጣው ጀርባና የኮርኒሱ ከረጢት ከግድግዳው ጋር በተሰፋበት ጠርዝ ላይ ነበር።

ሁለተኛ፤ ከጎረቤት ጋር ቀን ቁረጡ። ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች በአንድ ቀን ካልሠሩ ትኋኑ ቤት ይለዋወጣል። ከዚያ ቤት ጋር ያደረግነው የጋራ ቅዳሜ ነበር፤ ጎረቤትየዋ «ትኋን ከእነሱ መጣብኝ» ብላ ተቆጥታ ስለነበር ለማግባባት ከትኋኑ የበለጠ ጊዜ ወስዶብናል።

ሦስተኛ፤ ልብሱን አስወጡ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ጋቢና የልብስ ክምር እዚያው አልጋው ላይ እንዳለ በከረጢት ይግባ፤ አፉ ይታሰር። በእቅፍ ተሸክሞ ማውጣት ትኋንን በየመንገዱ መዝራት ነው። ውኃውን ደጅ ወይም በሩ በተከፈተ ማድቤት አፍሉ፤ ለማፍያ ብሎ ከሰሉን እንደገና መኝታ ቤት ማስገባት የለም። መቀቀል የሚችለው ልብስ የፈላ ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ከላይ የተንሳፈፈ ክፍል አይሞቅምና በእንጨት እየገፋችሁ አጥልቁት። የፈላ ውኃ ልጅን ከትኋን በላይ ይጎዳል፤ ልጆች በዚያ ቀን ከግቢው ይራቁ።

አራተኛ፤ አልጋውን ፍቱት። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሌላውን ባይጀምረው ይሻለዋል፤ አብዛኛው ትኋን ያለው እዚህ ነውና። የእንጨትም ሆነ የብረት አልጋ ደጅ ወጥቶ ቡሎኑ ይፈታል፤ መገጣጠሚያው ይለያያል። የፈላውን ውኃ በማንቆርቆሪያ ይዛችሁ ከስንጥቁ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ በቀስታ አንቆርቁሩ። ከሩቅ የተደፋ ውኃ መንገድ ላይ ይበርዳል፤ ቶሎ ያለፈም ውስጥ ድረስ አያሞቅም። ለአንድ አልጋ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ፈጅቶብናል፤ እየበረደ ስለሚሄድ በሦስት ዙር ነው ያፈላነው። ከውኃው በኋላ በሽቦ ብሩሽ ጠራርጉት።

የጠፍር አልጋ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ጠፍር በፈላ ውኃ ይኮማተርና ይበላሻል። ጠፍሩን ፍቱት፣ ቋሚውን ብቻ በፈላ ውኃ ስጡት፤ ጠፍሩን በሳሙና ውኃና በብሩሽ እጠቡት፣ እያንዳንዱን ቋጠሮ ፍቱ። ካረጀ መጣልና በገመድ መተካት ይሻላል፤ እኔ ብሆን የማደርገው ይህንን ነው።

አምስተኛ፤ ፍራሹ። የጭድ ፍራሽ ከሆነ ቀላል ነው፤ ጭዱ ከቤት ርቆ ሜዳ ላይ ይቃጠል፣ ከረጢቱ ይቀቀል፣ አዲስ ጭድ ይሞላ። ማቃጠያው ክብሪት ብቻ ይሁን፤ ቤንዚን ረጭቶ ፊቱን ያቃጠለ ሰው አይቻለሁ። የስፖንጅ ፍራሽ ስፌቱ በብሩሽ ተፈትጎ በፈላ ውኃ ይንቆርቆርበት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም፤ ትኋን ሲሞቃት ወደ ጥላው ጎን ትዞራለች፣ በደጋው አየር ደግሞ የስፖንጁ ውስጥ እንደ ላዩ አይግልም። በሚገባ ከደረቀ በኋላ ቀዳዳ በሌለው ወፍራም ፕላስቲክ ሸፍናችሁ መጋጠሚያውን በማሸጊያ ዝጉት። ውስጥ የቀረች ትኋን ደም ሳታገኝ ለወራት ልትቆይ ትችላለችና ፕላስቲኩ ለአንድ ዓመት አይከፈት። ሕፃን ፕላስቲክ ላይ በፊቷ እንዳትተኛ በላዩ ላይ አንሶላ ጥብቅ ተደርጎ ይነጠፍ።

ስድስተኛ፤ ግድግዳው። ጋዜጣውን ላጡ። ስንት ዓመት ሲደራረብ የኖረ ጋዜጣ ከጀርባው የትኋን ከተማ ነው፤ በዚያ ቤት ስንገልጠው እናትየዋ ዞር ብላ ማየት አልቻለችም። ወረቀቱ ወዲያው በከረጢት ታስሮ ይውጣና ይቃጠል። የጭቃ ግድግዳ ላይ የፈላ ውኃ አይደፋም፤ ምርጊቱን ያወርደዋል። ስንጥቁን በቀጭን ቢላዋ ጫሩ፣ የወጣውን በሳሙና ውኃ በራሰ ጨርቅ ሰብስቡ፣ ከዚያ የጤፍ ጭድ ተደባልቆበት ጥቂት ቀን የሰነበተ ጭቃ መርጉበት። ውስጥ የቀረችው እዚያው ትቀበራለች፤ አዲስ የምትመጣውም መግቢያ ታጣለች። የኮርኒሱ ከረጢት ወርዶ ይቀቀልና እንደገና ይሰቀል።

ሰባተኛ፤ አልጋውን ደሴት አድርጉት። አልጋውን ገጥማችሁ ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቁት። አራቱን እግር በአራት ጣሳ ውስጥ አቁሙና ሁለት ጣት ያህል ውኃ ከጥቂት ሳሙና ጋር ጨምሩ፤ ሳሙናው የገባችው እንድትሰጥም ያደርጋታል። ብዙ ሰው በዚህ ጣሳ ነጭ ጋዝ ያደርጋል፤ የሳሙና ውኃ ያንኑ ሥራ ያለ እሳት አደጋ ይሠራል። አንሶላና ብርድ ልብስ መሬት እንዳይነካ አጥፋችሁ ክተቱ፤ የተንጠለጠለ ብርድ ልብስ ለትኋን ድልድይ ነው። አስቸጋሪ መስሎ የሚታየው ምክር ቀጥሎ ያለው ነው፤ እዚያው አልጋ ላይ እደሩ። ወደ ሌላ ክፍል ብትሸሹ በትንፋሻችሁና በሙቀታችሁ እየተመራች ትከተላችኋለች፤ ሌላውም ክፍል ይያዛል።

ስምንተኛ፤ በየሳምንቱ ድገሙት። ከቀረ እንቁላል ትኋን ለመፈልፈል ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ በብርድ ሀገር ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ በሰባተኛው፣ በአሥራ አራተኛውና በሃያ አንደኛው ቀን አንሶላው ይቀቀል፤ የአልጋው መገጣጠሚያ ውኃ ይንቆርቆርበት፤ ግድግዳው በባትሪ ይታይ። ጣሳዎቹን በየማለዳው እያያችሁ የተገኘውን ቁጠሩና ጻፉ። ቁጥሩ እየወረደ ከሄደ ሥራው ይዟል። ወርዶ ከነበረ በኋላ በድንገት ከጨመረ ያልተነካ ጎጆ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከበር መቃን ጀርባ፣ ከሥዕል ክፈፍ ወይም ከአሮጌ ሻንጣ ስፌት ይገኛል።

ከሦስት ዙር በኋላም ቁጥሩ ካልወረደ መድኃኒት መርጨት ሊያስፈልግ ይችላል። ያን ጊዜም ለቤት ውስጥ የተፈቀደውን፣ የሠለጠነ ሰው፣ በስንጥቅ ላይ ብቻ ይርጨው። ለሰብል የተሠራ ማላታዮን አልጋ ላይ አይረጭም። ትኋን ብዙዎቹን የተለመዱ መድኃኒቶች ስለለመደች አልሞት ስትል መጠኑን እጥፍ ማድረግም አይጠቅም፤ እጥፉ የሚገባው ወደ ተኛው ሰው ነው።

የዚያ ቤት ቁጥር እናትየዋ በልጇ ደብተር የኋላ ገጽ ጽፋ አስቀምጣው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከአራቱ ጣሳዎች ሃያ ሦስት፣ በሁለተኛው ዘጠኝ፣ በሦስተኛው አሥራ አንድ። መጨመሩ ስላሳሰባት ልጁን ልካ አስጠራችኝ። ባትሪ ይዘን ስንፈልግ ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን የአባትየውን አሮጌ ካፖርት አገኘነው፤ የአንገቱ ስፌት ሙሉ ነበር። ካፖርቱ ተቀቀለና ተበላሸ፤ አባትየው እስካሁን ያነሣብኛል። በአራተኛው ሳምንት ሁለት፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ምንም። ማንደጃው አሁን ማድቤት ነው፤ የረጠበ አንሶላም በማድቤቱ ጣሪያ ሥር በተዘረጋ ገመድ ላይ ይሰጣል።